«ለከሰል ማራገብ ነው የተማርሽው?»

«እትዬ፣ በአካውንቲንግ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጌ አጣሁ። አሁን አንድ ሕንጻ ሥር ጀበና ቡና እያፈላሁ የቤት ኪራዬን እከፍላለሁ። ባለፈው እሑድ የጓደኛችን ልጅ ክርስትና ላይ፣ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የማውቃት ጓደኛዬ ሁሉም እየሰማ “አራት ዓመት ለከሰል ማራገብ ነው የተማርሽው?” አለችኝ። ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስሁ። ሌሊት በቴሌግራም ረጅም መልእክት ጻፍሁላት፤ ትዳሯ እንዴት እንደፈረሰም አንስቻለሁ። ልላከው?»

እህቴ፣ አትላኪው። የትዳሯን ነገር የነገረችሽ አምናሽ ነው። እሱን ካነሳሽው እሷ ያለችው ይረሳና አንቺ የጻፍሽው ይቀራል፤ ስክሪንሾት አድርጋ ለሌሎቹም ታሳያለች። እኔም በወጣትነቴ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ልኬ ጓደኛ አጥቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በአሽሙርም አትመልሽላት። አሽሙር የወረወረ ሰው «እኔ እንዲያ አላልሁም» የሚልበት ማምለጫ አለው፤ እሷም በአሽሙር ትመልሳለች። ዓመት ሙሉ ትነካካላችሁ እንጂ ያመመሽ ነገር አንድ ቀን እንኳ በስሙ አይጠራም።

ይልቅ በዚህ ሳምንት ለብቻዋ አግኚያት። ቡና የምታፈዪበት ቦታ ግን አይሁን፤ አንቺ ቆመሽ እየቀዳሽ፣ እሷ ተቀምጣ የሚነገር ነገር አይደለም። ሌላ ጓደኛም አማላጅ አታድርጊ፤ ገና ሳታናግሪያት ነገሩ ወሬ ይሆናል። ስትጀምሪ የተናገረችውን እንዳለ አንሺው፦ «በክርስትናው ቀን “ለከሰል ማራገብ ነው የተማርሽው” ስትይኝ ሰው ፊት አፈርሁ። እንጀራዬ ነው። ከእንግዲህ እንዲህ እንዳትይኝ።» እዚህ ላይ አቁሚ። «አንቺ ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ» ካልሽ ስለ እሑዱ መመለሷን ትታ ስለ ጠባይዋ መከራከር ትጀምራለች። ተናግረሽ ስትጨርሺ ዝም ማለቱ ይጨንቅሻል፤ ቢሆንም እሷ እስክትናገር ጠብቂ።

«ቀልድ እኮ ነው፤ አንቺ ደግሞ ነገር ታከብጃለሽ!» ትልሽ ይሆናል። አብረሽ ስለሳቅሽ እውነትም ቀልዱን የወደድሽላት መስሏት ሊሆን ይችላል፤ በዚህ አልፈርድባትም። «አዎ፣ ስቄያለሁ። ቤቴ ገብቼ ግን አልቅሻለሁ» በያት። ይህን ማንም ሊከራከርሽ አይችልም፤ አንቺ ብቻ ነሽ የምታውቂው። ይቅርታ ከጠየቀችሽም ተቀበያትና የአሮጌውን ቂም ዝርዝር አታውጪ።

ተነግሯት ሌላ ግብዣ ላይ ከደገመችው ግን ሳታውቅ ነው አይባልም። ያን ጊዜ አትሳቂ። ድምፅሽን ሳታነሺ «ስለዚህ ነገር ነግሬሻለሁ» ብለሽ፣ አጠገብሽ ወደተቀመጠችው ሴት ዞረሽ ጨዋታሽን ቀጥዪ።