በስልክ ሲነገር የማይሳሳት ስም፤ ለወረታ ሩዝ ነጋዴ

የወረታ ነጋዴ ሩዙን ለመርካቶ ገዢ የሚያስተዋውቀው በደላላ አፍ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ዛሬ ገዢው «በቴሌግራም ዋጋ ላክልኝ፤ ስምህ ማን ነው?» ይላል። ስሙም በላቲን ፊደል ይጻፋልና ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ለምሳሌ የሱቁ ስም «ወረታ ንጹሕ ሩዝ» ነው እንበል። ነጋዴው woretanitsuhruz ብሎ ቢጽፈው 15 ፊደል ይሆናል። ነገር ግን ስሙን በስልክ የሰማ ሰው wereta ይበል woreta አያውቅም። «ጹ»ን tsu የሚል አለ፣ su የሚልም አይጠፋም። «ሩዝ» ደግሞ ruz ወይም rooz ነው። በሦስቱም ቃላት የተሳሳተ ገዢ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል፤ ወይም ማንንም አያገኝም።

ፊደል እየቆጠሩ መናገርም የራሱ ጣጣ አለው። E «ኢ» ተብሎ ሲጠራ ብዙ ሰው I ይጽፋል። ስለዚህ «ኢትዮጵያ የሚጀምርበት» ብሎ ማስረዳት ግድ ነው።

የነጋዴው ስም አበበ ቢሆን abebefogera ይሻላል። 11 ፊደል ብቻ ነው፤ ሁለቱም ቃላት ብዙ አማራጭ አጻጻፍ የላቸውም። ሩዝ የሚለው መቅረቱም ጥቅም አለው፤ በበጋ ሽንኩርት ቢነግድበት ስሙ አያሳፍረውም። (fogera ብቻ ቢል ግን ከብቱም ሩዙም ወረዳውም በዚሁ ስም ስለሚጠሩ ማንነቱ አይለይም።)

የርዝመቱ ልክ የሚወሰነው በጠባቡ በር ነው። ኤክስ ከ15 ፊደል በላይ አይቀበልም፤ ቴሌግራም ከ5 ያነሰ አይፈቅድም፣ በቁጥር የሚጀምርም አይወድም። ነጥብ በቴሌግራም አይገባም፤ የታች ሰረዝ ደግሞ በፌስቡክ አይሠራም። ስለዚህ ከ5 እስከ 15 ያለ ንጹሕ ፊደል በሁሉም ያልፋል። በተለይ ነጥብ መጠንቀቅ ያሻል፦ ፌስቡክ abebe.fogera እና abebefogeraን አንድ አድርጎ ሲያይ፣ ኢንስታግራም ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ያደርጋቸዋል። አስመሳይ የሚገባው በዚህ ቀዳዳ ነው።

ስሙ ነፃ መሆኑን ለማወቅ t.me/abebefogera ብሎ መክፈት ፍንጭ ይሰጣል እንጂ አያረጋግጥም። የተዘጋ ሂሳብ ስም ገጹ ባይታይም ላይለቀቅ ይችላል። ማረጋገጫው በየመተግበሪያው የስም መሙያ ላይ ጽፎ መሞከር ነው። ይህንንም በአንድ ምሽት በሁሉም ላይ ጨርሶ፣ የማይጠቀምበትንም ጭምር ማስመዝገብ ይበጃል። አንዱ ላይ ተይዞ ከተገኘ በዚያ ላይ ብቻ ቁጥር ከመጨመር ይልቅ ስሙን በሁሉም መለወጥ ይሻላል፤ «የቱ ላይ ነበር 2 ያለው?» የሚል ገዢ አይመለስም።

ስሙ በጆንያ ላይ ከመታተሙ በፊት አዲስ አበባ ላለ ሰው ደውሎ አንድ ጊዜ ብቻ መንገር፣ ከዚያም ሰውዬው በቴሌግራም ፈልጎ እንዲጽፍ መጠበቅ ነው። መልእክቱ ካልደረሰ ስሙ ገና አልበሰለም። ከታተመ በኋላ በቴሌግራም ስም የለወጠ ነጋዴ አሮጌውን ስም ሌላ ሰው ሊወስድበት ይችላል፤ ጆንያው ግን ያንኑ አሮጌ ስም እያሳየ ገበያ ለገበያ ይዞራል።