የመለኪያ ትርጓሜን በሰነድ ማስፈር፤ የጅማ አካባቢ የቡና አቅርቦት ስሌት እንደ ማሳያ

በጅማ መርካቶ ቡና በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ ግራም፣ ይቆጠራል። ነገር ግን ከአጋሮ፣ ከሊሙና ከጌራ የሚመጣው ቡና መልኩ አንድ አይደለም። ከፊሉ ከነገለፈቱ የደረቀ ጀንፈል ነው፤ ከፊሉ ታጥቦ ከነስስ ቅርፊቱ የደረቀ፣ የቀረውም የተፈለፈለ ጥሬ ቡና ነው። የሦስቱን ክብደት እንዳለ መደመር ትርጉም ስለማይሰጥ፣ ወርሃዊ አቅርቦት በጥሬ ቡና መጠን ተለውጦ ይሰላል። ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት ለደረቀ ጀንፈል 0.50፣ ቅርፊቱ ላልተነሣለት የታጠበ ቡና 0.80 ማባዣ ይጠቀማል።

በየወሩ በራሱ የሚታደስ ሪፖርት ይህን ስሌት እንደሚከተለው ይይዘዋል።

```sql
SUM(kg * CASE form
  WHEN 'jenfel' THEN 0.50
  WHEN 'parchment' THEN 0.80
  WHEN 'green' THEN 1.00
END)
```

ለምሳሌ ያህል 2,000 ኪሎ ጀንፈል፣ 1,000 ኪሎ ቅርፊታም እና 500 ኪሎ ጥሬ ቡና ገብቷል እንበል። ውጤቱ 1,000 ሲደመር 800 ሲደመር 500፣ በድምሩ 2,300 ኪሎ ይሆናል። መዝጋቢው ተቀይሮ አዲሱ ባለሙያ `jenfel` በማለት ፈንታ `dry_cherry` ብሎ ቢጽፍ፣ ለዚህ ቃል ማባዣ ስለሌለ `CASE` ባዶ ዋጋ ይመልሳል፤ `SUM` ደግሞ ባዶውን ዘሎ ያልፋል። ሪፖርቱ ስህተት ሳያሳይ 1,300 ያወጣል። አንባቢውም ምርት የቀነሰ ይመስለዋል።

ስለዚህ ሰነዱ የመለኪያውን ስም ብቻ መግለጹ አይበቃም። የተፈቀዱትን የቡና መልኮች፣ ማባዣዎቹንና ምንጫቸውን፣ የክብደቱን አሃድ፣ እንዲሁም ወሩ በመድረሻ ቀን ወይስ በሽያጭ ቀን እንደሚቆጠር መጻፍ አለበት። የላይኛው ምሳሌም ከነመልሱ ይቀመጥና በእያንዳንዱ እድሳት ይሰላል፤ 2,300 ካልወጣ እድሳቱ ይቆማል። ይህ ፍተሻ ቀመሩ ሲነካ ያጋልጣል እንጂ አዲሱን ቃል አይይዝም፤ ምሳሌው የተጻፈው በቀድሞዎቹ ቃላት ነውና። ለዚያ ማባዣ ያላገኙትን መዝገቦች የሚቆጥር ሁለተኛ ፍተሻ ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ ከዜሮ ከበለጠ ሪፖርቱ አይወጣም።

ይበልጥ አከራካሪ የሚሆነው በቅን ልቦና የሚደረግ ማሻሻያ ነው። 0.50 የስምምነት ቁጥር ነው፤ አንድ መፈልፈያ ከጀንፈል የሚያገኘው ጥሬ ቡና እንደ ፍሬው ጥራትና እርጥበት ይለያያል። አዲስ ባለሙያ በአካባቢው የተለካ 0.48 ቢያስገባ፣ ከላይ ያለው የጀንፈል ድርሻ ከ1,000 ወደ 960 ኪሎ ይወርዳል። ማሻሻያው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም የድሮው ማባዣ ተሰርዞ በአዲሱ ሲተካ ያለፉት ወራት ቁጥሮች ሁሉ በሚቀጥለው እድሳት ይለወጣሉ፣ ከታተሙት ሪፖርቶችም ጋር አይገጥሙም። በዚህ ምክንያት ማባዣዎቹ ከቀመሩ ወጥተው ሥራ ላይ የዋሉበትን ቀን በያዘ ሠንጠረዥ ቢቀመጡ ይመረጣል። ያኔ እያንዳንዱ መዝገብ በዘመኑ ማባዣ ይሰላል፤ ተከታታይ ንጽጽር የሚፈልግ አጥኚም መላውን ዘመን በአንድ ማባዣ እንደገና ማስላት ይችላል።