የከባድ መኪና ጎማ እድሳት፦ ከደጋ ወደ ቆላ በሚወርድ መንገድ የጎማ ገላ ብቁነት

ከገረሴ ተነስቶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ የጭነት መኪና የጋሞን ደጋ ትቶ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ወደሆነው የስምጥ ሸለቆ ወለል ይደርሳል። አሽከርካሪው ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ሳይሆን በፍሬን ብቻ ከወረደ የፍሬኑ ከበሮ ይግላል፤ ሙቀቱም በቸርኬው አልፎ ቸርኬውን አንቆ ወደሚይዘው የጎማው ጠርዝ ይሄዳል። ጎማ ሲታደስ አዲስ የሚሆነው መሬት የሚረግጠው ጥርስ ብቻ ነው። ከጥርሱ ሥር ያለው የብረት ሽቦና የላስቲክ አካል፣ በዚህ ጽሑፍ ‘ገላ’ የተባለው፣ ከነጠርዙ እንደነበረ ይቀጥላል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ መንገድ የሠራ ጎማ ለእድሳት መብቃቱ የሚለየው ከጥርሱ ይልቅ በጠርዙና በጎኑ ነው። ገበያ ላይ ለገዢው የሚታየው ግን ጥርሱ ነው።

በብዛት በሚሠራበት የቀዝቃዛ እድሳት ዘዴ ያለቀው ጥርስ በማሽን ተፍቆ ይነሣል። ፋቂው እስከ ብረት መቀነቱ አይደርስም፤ በላዩ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ላስቲክ ይተዋል። በድንጋይ የተቆረጠ ቦታ እየተከፈተ ይጸዳል፤ የዛገ ሽቦ ከተገኘ ዝገቱ ጤናማ ብረት እስኪታይ ይወገዳል፤ ጉድጓዱም በጥሬ ላስቲክ ይሞላል። ከዚያ ስስ የማጣበቂያ ላስቲክ ተነጥፎ አስቀድሞ የበሰለው ጥርስ ይጠመጠምበታል። ጎማው በላስቲክ ከረጢት ተሸፍኖ ግፊት ባለው ጋን ውስጥ ከ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በጥቂቱ ከፍ ባለ ሙቀት ለሰዓታት ይቆያል። በትኩሱ ዘዴ ደግሞ ጥሬ ላስቲክ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ በ150 ዲግሪ ገደማ ይበስላል። በሁለቱም መንገድ በአግባቡ የተጣበቀ ጥርስ በቀላሉ አይላቀቅም። ዝገትና እርጥበት ሳይወገድ የተሸፈነ ቁስል ግን ከሥር መለያየቱን ይቀጥላል።

ብቁነት ከመፋቁ በፊት ይመረመራል። በፍሬን ሙቀት የተጎዳ ጠርዝ ላስቲኩ ይደርቃል፣ በጣት ሲጫኑት አይመለስም፣ ይሰነጠቃል ወይም ይላጣል፤ ሽቦው ከታየ ጎማው ይጣላል። በአነስተኛ አየር የተነዳ ጎማ የሚታወቀው በውስጡ ነው፦ የውስጥ ሽፋኑ ይጨማደዳል፣ ቀለሙ ይለወጣል፣ የላስቲክ ብናኝም ይገኛል። በአየር ሙያ ልማድ ከተመደበለት ግፊት 80 በመቶ በታች የሄደ ጎማ አየር እንደሌለው ተቆጥሮ ይፈተሻል። የጎን ሽቦዎቹ ደክመው ከሆነ አየር ሲሞላ በተከታታይ እየተበጠሱ ጎኑ እንደ ዚፕ ይከፈታል፤ ይህ አደጋ የሚያገኘው ከአሽከርካሪው ይልቅ ጎሚስታውን ነው። ጎማው ወደ ብረት ማቀፊያ ገብቶ እንዲሞላ የሚደረገውም ለዚህ ነው። በጥንድ ጎማዎች ውስጠኛው ለመለካት ስለማይመች አየሩ ሳይታወቅ ይጎድላል፤ ለእድሳት ሲቀርብም ጥርጣሬ የሚገባው እርሱ ነው።

ወጪውን በምሳሌ ማስላት ይቻላል። የአዲስ ጎማ ዋጋ 100፣ የእድሳቱ 40 ይባል፤ አዲሱ 60,000፣ የታደሰው 48,000 ኪሎ ሜትር ይሂድ። ሳይታደስ የተጣለ ጎማ በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ 1.67 ያስወጣል፤ ከታደሰ በኋላ ግን 140 ወጪ ለ108,000 ኪሎ ሜትር ስለሚከፋፈል 1.30 ይሆናል። የታደሰው 24,000 ኪሎ ሜትር ላይ ቢፈነዳ ጥቅሙ ዜሮ ነው፤ ከዚያ በፊት ከሆነ ኪሳራ ነው፣ ያውም መኪናው ቆሞ የሚጠፋው ጊዜና የሚበላሸው ጭነት ሳይቆጠር። በሌላ በኩል ድንጋይ መቀነቱን እንዳያገኝ ጎማውን 55,000 ላይ ማውረድ ወጪውን ወደ 1.36 ብቻ ያሳድገዋል። በጠጠር መንገድ ጥርሱን እስከ መጨረሻው መጠቀም ቁጠባ የሚመስለው የገላው ዋጋ ስለማይታሰብ ነው።

ስለ ደህንነቱ፣ በመንገድ ዳር የሚታየው የጎማ ቁራጭ ሁሉ የታደሰ ጎማ ተደርጎ ይወሰዳል። የአሜሪካ የመንገድ ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር በ2008 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው የጎማ ፍርስራሽ ጥናት ግን አብዛኛው ብልሽት ከማምረትም ሆነ ከማደስ ጉድለት የመጣ አለመሆኑን አሳይቷል፤ በግልጽ የተለዩት ምክንያቶች የመንገድ ላይ ጉዳትና ከመጠን ያለፈ መሞቅ ናቸው። ይህ ማለት ቦታ አይለይም ማለት አይደለም። በጥንድ የሚሄድ የኋላ ጎማ ቢፈነዳ ጓደኛው ለጥቂት ጊዜ ጭነቱን ይሸከማል፤ የፊቱ ሲፈነዳ ግን መሪው ይጎተታል። በአሜሪካ ደንብ የታደሰ ጎማ በአውቶቡስ የፊት እግር ላይ የተከለከለ ሲሆን በጭነት መኪና ላይ ያ ክልከላ የለም። ከገረሴ በሚወርድ መኪና ላይ ግን ክብደቱ በቁልቁለት ወደ ፊት እግር ስለሚያመዝን፣ የፊት ፍሬንም ሙቀት ስለሚጨምር፣ የታደሰውን ከኋላ ማሰር ይመረጣል፤ ከፊት ወርዶ ለእድሳት የሚቀርብ ገላም ከሌላው ሁሉ በፊት ጠርዙ ሊታይ ይገባል።