ሚኒባስ ልግዛ ወይስ በሙያዬ ልቀጥል?

እትዬ፣ ዱባይ 11 ዓመት የኤሲ ቴክኒሻን ሆኜ ሠርቼ ጥር ላይ ተጠቃልዬ ገባሁ። ዕድሜዬ 38 ነው። ባለቤቴና የ9 ዓመት ልጄ ኮተቤ ነው የሚኖሩት። ባሲክ ደሞዜ 1,800 ድርሃም ነበር፤ ስወጣ የአገልግሎት ተብሎ 17,100 ድርሃም ተሰጠኝ። እሱና ያጠራቀምኳት ጥቂት ገንዘብ እጄ ላይ አለች። አጎቴ «ጨምሬልህ ሚኒባስ እንግዛ፣ ሹፌር ቀጥረን ገቢ እንቀበላለን» ይሉኛል። የድሮው ፎርማኔ ደግሞ ሌላ ኩባንያ ገብቶ «ቪዛ ልላክልህ» እያለ ይደውላል። እኔ የምወደው ሙያዬን ነው፤ ግን አዲስ አበባ ውስጥ ኤሲ ማን ይፈልጋል? ሁሉንም የተማርኩት ሥራ ላይ ስለሆነ ወረቀትም የለኝም። ቤተሰቡ ከፋሲካ በፊት ቁርጡን ንገረን ብሎኛል። ደግሞስ የተሰጠኝ ገንዘብ ልክ ነው ወይስ ተበልቻለሁ?
ከኮተቤ

ወንድሜ፣ እንኳን ለአገርህ አበቃህ። ከመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር፤ እሱ ካልጠራ ሲቆረቁርህ ይኖራል። አልተበላህም። በኤምሬትስ ሕግ የአገልግሎት ክፍያ የሚታሰበው ከባሲኩ ብቻ ነው፤ የቤትና የትራንስፖርት አበል አይገባበትም። ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን፣ ከዚያ በኋላ ላለው በየዓመቱ የ30 ቀን ደሞዝ ይከፈላል። ያንተ 105 እና 180፣ በድምሩ 285 ቀን ይሆናል። 1,800 ለ30 ሲካፈል በቀን 60 ድርሃም ነው፤ በ285 ሲባዛ የተሰጠህን ያመጣልሃል። ይህን ጉዳይ እዚህ ላይ ዝጋው።

ስለ ሚኒባሱ፣ አጎትህ ክፉ አላሰቡም። ግን ሥራው እንዴት እንደሚሄድ አስበው። ሹፌሩና ረዳቱ የተስማማችሁበትን ገቢ ማታ ያስረክባሉ። ጎማው፣ ፍሬን ሸራው፣ ቦሎው፣ ኢንሹራንሱና ሞተሩ የባለቤቱ ዕዳ ናቸው። መኪናው ጋራዥ የገባ ቀን ገቢ የለም። ሹፌሩ «ሞተሩ ድምፅ አምጥቷል» ሲልህ እውነቱን ይሁን ሰበብ ለይተህ የምታውቀው በሙያው ካለፍክ ነው፤ አንተ አላለፍክም። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ሸሪክህ አጎትህ መሆናቸው ነው። የወሩ ሒሳብ ቢጎድል ማን ነው እሳቸውን አስቀምጦ ደረሰኝ የሚጠይቀው? አንተ አትጠይቅም፤ ከደብዳቤህ ጠባይህ ይታየኛል።

«ኤሲ ማን ይፈልጋል» ያልከው እውነትህን ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ ቤቱን ለማቀዝቀዝ የሚከፍል ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን አንተ የምታውቀው ኮምፕረሰር፣ ኮንደንሰርና ጋዝ በቀዝቃዛ ክፍልም ውስጥ ያው ነው። የአበባ እርሻ ጽጌረዳውን ከቆረጠ በኋላ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ውስጥ ካላቆየ ይጠወልግበታል። የወተት ማሰባሰቢያ እስከ 4 ዲግሪ ማውረድ አለበት። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ይጠበቃል። ሆቴሎችና ሱፐርማርኬቶችም አሉ። ገበያህ እዚያ ነው።

እኔ ከቤቴ ተቀምጬ ስለ ጋዝና ቱቦ እንዳልፈላሰፍብህ፣ ቢሾፍቱ አካባቢ ቀዝቃዛ ክፍል የሚጠግን ዘመዴን ጠየቅሁት። ከዓረብ አገር የሚመጡ ልጆች እጃቸው ፈጣን፣ ሥራቸው ንጹሕ ነው አለኝ፤ ሆኖም የመጀመሪያዎቹ ወራት ያደናግሯቸዋል። ዱባይ ባሕር ዳር ስለሆነች ቱቦውን ቫኪዩም ስታደርግ የጌጁ መርፌ ወደ 30 ኢንች ይጠጋል። አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ራሱ ሩብ ያህል ያነሰ ስለሆነ፣ ፓምፑ የቱንም ያህል ቢሠራ መርፌው 23 ገደማ ላይ ይቆማል። ይህን የማያውቅ ሰው ፓምፑ ደክሟል ወይም ቱቦው ያፈሳል ብሎ ቀኑን ሙሉ የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል። ማይክሮን ጌጅ ካለህ ግን ከዜሮ ግፊት ተነሥቶ ስለሚለካ ከፍታው አያሳስትህም። ስሱ አየር ከኮንደንሰሩ የሚወስደው ሙቀትም ያነሰ ነው፤ እዚያ በካታሎግ መርጠህ የምትገጥመው እዚህ ሊያንስ ይችላል።

መብራቱንም ጨምርበት። ጠፍቶ ወዲያው ሲመለስ ኮምፕረሰሩ ግፊቱ ሳይረግብ ልነሣ ይላል፤ በተደጋጋሚ እንዲህ ሲሆን ይቃጠላል። ጥቂት ደቂቃ የሚያዘገየው ዲሌይ ላልተገጠመለት ማሽን ሳታስገጥም ዋስትና እንዳትሰጥ።

ዘመዴን የሚያበሳጨው ግን ደንበኛው ነው። «ጋዝ ብቻ ሙላልኝ» ይላል። ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም፤ ከጎደለ ያፈሰሰበት ቦታ አለ። በናይትሮጅን ፈትሾ፣ ቀዳዳውን በይዶ፣ ቫኪዩም አድርጎ መሙላት ጊዜም ገንዘብም ይጠይቃል። ባለቤቱ አልከፍልም ካለና አንተም እሺ ብለህ ከሞላህለት፣ ከወር በኋላ ክፍሉ ሲሞቅ ስሙ የሚጠፋው ያንተ ነው። እምቢ የሚባለውን ደንበኛ መለየት ደግሞ ዱባይ አልተማርከውም፤ እዚያ የሚነጋገረው ኩባንያው ነበር።

ስለዚህ ሱቅ አትክፈት፤ አንድ ዓመት ተቀጠር። ቀዝቃዛ ክፍል የሚጠግን ድርጅት ወይም የራሱ ጥገና ክፍል ያለው እርሻ ፈልግ። ደሞዙ ከዱባዩ ሊያንስ ስለሚችል ለባለቤትህ ቀድመህ ንገራት። ዓመቱ ሲያልቅ ራስህን መርምር፤ ኮምፕረሰር ከማን እንደሚገዛ፣ የትኛው ደንበኛ በጊዜው እንደሚከፍልና የትኛው እንደሚያመላልስ ካወቅህ የራስህን ክፈት። ካላወቅህ ገና ነህ። ንግድ ፈቃድ ካሁኑ አታውጣ፤ ሥራ ባይኖርህም ግብር ማሳወቅና በየዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ማሳደስ ይከተልሃል።

ወረቀት የለኝም ያልከው የሚስተካከል ነገር ነው። ሲኦሲ የሚባለው የሙያ ብቃት ምዘና በሥራ ላይ ለተማረም ነው። የጽሑፍም የተግባርም ፈተና አለው። ተግባሩን ታልፈዋለህ፤ የምሰጋልህ ለጽሑፉ ነው፤ በእጅህ የምታውቀውን ነገር ስም በወረቀት ላይ ሲያቀርቡልህ እንዳይጠፋብህ ቀድመህ አንብብ። ካልተሳካም ውጤቱ «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው፤ ተመልሰህ ትቀመጣለህ።

ለፎርማንህ አትቆጣ። ቪዛውን ግን ከመቀበልህ በፊት ባሲኩ ስንት እንደሆነ ጠይቀው። ያው 1,800 ቢሆን እንኳ የአገልግሎትህ ቆጠራ ከዜሮ ይጀምራል፤ የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታት እንደገና በ21 ቀን ነው የምታስበው። ከዚያ ያነሰ ከሆነ የምትጠይቀኝም ነገር የለም።

አንድ ነገር ግን ከደብዳቤህ ጎድሎብኛል። የአጎትህን ሐሳብ ጻፍክ፣ የፎርማንህን ጻፍክ፤ ባለቤትህ ምን እንዳለች አንድ መስመር የለም። 11 ዓመት ቤቱን የያዘችው እሷ ናት፤ የኮተቤ የወር ወጪ ስንት እንደሆነና በስንት ደሞዝ እንደሚዘለቅ ከሁላችንም በላይ ታውቃለች። ለአጎትህ ከፋሲካ በፊት የምትሰጠውን መልስ ከእሷ ጋር ተቀምጠህ፣ ሒሳቡን በወረቀት ጽፈህ ወስን።