ዓርብ ማታ በሲያትል፣ ቅዳሜ ጠዋት በአዲስ አበባ

ታላቅ እህቴ የምትኖረው ሲያትል ነው። በየሳምንቱ ዓርብ ማታ፣ በእነሱ አቆጣጠር 8 ሰዓት ላይ፣ ለእናታችን ትደውላለች። እኛ ዘንድ ያን ጊዜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ሰዓቱ የተመረጠው ለልጇ ሲባል ነው፤ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ይተኛል፤ እናቴ ደግሞ የልጁን ድምፅ ሳትሰማ ስልኩን ብትዘጋ እንደተደወለላት አትቆጥረውም።

እኔም የኮምፒውተር ተማሪ ነኝና በስልኬ ላይ በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት 7:00 የሚጮህ ማስታወሻ ሞላሁ። ወራት ያለ ችግር ሠራ። እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 2025 ግን ጎህ ሳይቀድ በራችን ተንኳኳ። በእኛ አገር በዚያ ሰዓት በር የሚመታው ለምን እንደሆነ አንባቢ ያውቃል። እናቴ ነጠላዋን እንኳ ሳትለብስ «ማንን ነው? ማንን ነው?» እያለች ወጣች። ጎረቤታችን ነበሩ፤ «ኧረ ደህና ነው! ልጅሽ ስልክ አታነሱም ብላ ደንግጣ እኔ ጋ ደወለች» አሉ። እህቴ እንደ ልማዷ በ8 ሰዓት ነበር የደወለችው። የእኛ ሰዓት ግን ገና ንጋት 12 ነበር፤ የእናቴ ስልክ እንደ ሌሊቱ ጠፍቷል፤ እኔም ድምፁን ዘግቼ ተኝቻለሁ።

ታዲያ ማን ተሳሳተ? አሜሪካኖች ከ2007 ጀምሮ በማርች ሁለተኛው እሁድ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት፣ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ ደግሞ ወደኋላ ያዞራሉ። እኛ አናዞርም። ስለዚህ በእኛና በሲያትል መካከል ያለው ልዩነት በቅዝቃዜያቸው ወራት 11፣ በሙቀታቸው ወራት 10 ሰዓት ነው። (ክረምትና በጋ ብዬ ብጽፍ ከእኛው ጋር ይምታታል።) በቃል ለማስላት እኔ እንዲህ አደርጋለሁ፦ እህቴ በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር የነገረችኝ ላይ በቅዝቃዜው 5፣ በሙቀቱ 4 እደምርና ከ12 ካለፈ 12 እቀንሳለሁ፤ የሚመጣው በእኛ አቆጣጠር ያለው ሰዓት ነው። 8 ሲደመር 5፣ 13፤ ማለትም 1 ሰዓት። 8 ሲደመር 4 ደግሞ 12 ሰዓት። የእሷ ማታ የእኛ የማግስቱ ጠዋት መሆኑን ብቻ መርሳት አያስፈልግም።

ጥፋቱ እንግዲህ ማስታወሻውን በአዲስ አበባ ሰዓት ማሰሬ ነበር። ማስታወሻ መታሰር ያለበት መንቀሳቀስ በማይችለው ሰው ሰዓት ነው። እዚህ ቤት የማይንቀሳቀሰው የልጁ መኝታ ነው። በጉግል ካላንደር ቀጠሮ ስንሞላ `Time zone` የሚል ቦታ አለ፤ እዚያ `Pacific Time` መርጬ ቀኑን ዓርብ፣ ሰዓቱን 8:00 PM አልኩት። ካላንደሮች በሚለዋወጡት ፋይል ውስጥ ነገሩ እንዲህ ይጻፋል፦

```
DTSTART;TZID=America/Los_Angeles:20260306T200000
RRULE:FREQ=WEEKLY;BYDAY=FR
```

`America/Los_Angeles` የሚለው ስም ሲያትልንም ይሸፍናል፤ ሰዓት የሚዞርበትንም ሕግ ይዟል። በስሙ ፈንታ ከግሪንዊች 8 ሰዓት ወደኋላ የሚል ቁጥር ብቻ ቢሰጠው ግን ሕጉ የለውምና ማርች ላይ ያው ስህተት ይደገማል። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «የሚጮኸው ቅዳሜ አይደል?» ብሎ `FR`ን ወደ `SA` ሊያርመው ነበር። ቀኑ የሚነበበው በሲያትል ነው፤ ቢያርመው ኖሮ እሁድ ጠዋት ይጮህብን ነበር።

በትክክል መታሰሩን ለማወቅ ማርችን እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም። ካላንደሩን ወደፊት ገልጦ ማየት ነው። በ2026 ሰዓታቸው የሚዞረው ማርች 8 ነውና፣ አዲስ አበባ ባለ ስልክ ላይ የቅዳሜ ማርች 7 ቀጠሮ 7:00 AM፣ የማርች 14ቱ 6:00 AM ሆኖ መታየት አለበት። ሁለቱም 7:00 ካሉ ቀጠሮው አሁንም የታሰረው እዚህ ነው።

የቀረኝ የእናቴ ስልክ ነው። ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ ናት፤ ማንቂያ ደወል እንጂ ካላንደር የላትም፤ ሲያትል የሚባል አገር መኖሩንም አታውቅም። ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሰዓት ከዞረ በኋላ ባለው ዓርብ ማታ፣ የእሷን ደወል በእጄ እንድለውጥ የሚነግረኝ ሌላ ማስታወሻ ለራሴ ሞልቻለሁ። በሙቀታቸው ወራት ንጋት 12 ሰዓት ላይ መነሳት ይከብዳት እንደሆነ ጠይቄያት ነበር። «እኔ እነሳለሁ፤ ብቻ እትዬን አታስሩጧቸው» አለችኝ።