ሐሰንና ሁሴን በአንድ ኮድ

የድምፅ ኮድ ማለት አጻጻፉ ቢለያይም ሲጠራ አንድ የሚመስልን ስም አንድ ቦታ ለመሰብሰብ የሚሰጥ አጭር ምልክት ነው። ኮዱ በሁለት መንገድ ሊሳሳት ይችላል። አንዱ መለያየት ነው፤ የአንድ ሰው ስም ሁለት ኮድ ያገኛል። ሌላው መቀላቀል ነው፤ የሁለት ሰዎች ስም አንድ ኮድ ይይዛል። እነዚህን ሁለቱን ለይተን እንያዝ።

ሳውንዴክስ በ1918 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፈጠራ መብት የተሰጠው ዘዴ ነው። የመጀመሪያውን ፊደል እንዳለ ይተዋል፤ አናባቢዎችንና h፣ w፣ yን ይጥላል፤ የቀሩትን ተነባቢዎች በስድስት ቁጥሮች ይመድባል። ሐይቅ ከተማ ውስጥ አንድ መዝጋቢ Hussein ብሎ ጻፈ እንበል። H ይቀራል፤ ሁለቱ s እንደ አንድ ተቆጥረው 2 ይሆናሉ፤ n 5 ነው፤ የጎደለው በዜሮ ይሞላል። ውጤቱ H250 ነው። Hassanንም ብናሰላ H250 እናገኛለን። ስለዚህ ሐሰንና ሁሴን ተቀላቀሉ ማለት ነው።

ይህ የሆነበትን ምክንያት ልብ እንበል። በእንግሊዝኛ የአንድ ስም አናባቢ በየጸሐፊው ስለሚለዋወጥ ቢጣል ብዙም አይጎዳም። ከዓረብኛ በመጡትና በአምባሰልም በብዛት በሚጠሩት ስሞች ግን ሥሩ ተነባቢው ነው፤ ስምን ከስም የሚለየው ብዙ ጊዜ አናባቢው ነው። አናባቢውን የሚጥል ኮድ ከአንድ ሥር የወጡ ብዙ ስሞችን ያደባልቃል። ከማልና ካሚልም K540 ይሆናሉ። በአንጻሩ ቃሲም Kasim እና Qasim ተብሎ ሲጻፍ፣ የመጀመሪያው ፊደል ስለማይነካ K250 እና Q250 ሆኖ ይለያያል።

ሎረንስ ፊሊፕስ በ1990 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሜታፎን ይህን የቃሲምን ችግር ይፈታል፤ ሁለቱንም KSM ይላቸዋል። ሆኖም ፊደላቱን የሚያነበው በእንግሊዝኛ ደንብ ነው። G ከe በፊት ሲመጣ «ጀ» ነው ብሎ ያምናል።

```
Gebre  JBR
Jabir  JBR
Gabre  KBR
```

ገብሬ ከጃቢር ጋር ተቀላቀለ፤ ራሱ ገብሬ ደግሞ Gabre ተብሎ ሲጻፍ ከራሱ ተለያየ። ሁለቱም ስሕተት በአንድ ስም ላይ መድረሱ፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ደንቡን ከማሻሻል ይልቅ መነሻውን መቀየር እንደሚሻል ያሳያል።

መነሻው የግዕዝ ፊደል ቢሆን ገብሬ በገ፣ ጃቢር በጃ ስለሚጀምሩ ገና ከጅምሩ ይለያሉ። ሐ፣ ኀ እና ሀን፣ ሠ እና ሰን፣ ዐ እና አን፣ ፀ እና ጸን አንድ አድርጎ መነሣት በቂ ነው። ግን አናባቢውን እንዳለ ማጥበቅም አይበጅም፤ መሐመድና ሙሐመድ የአንድ ሰው ስም ሊሆኑ ይችላሉና። ስለዚህ የአናባቢ ልዩነት ስሙን ከተመሳሳዮቹ ዝርዝር አያስወጣው፤ የመመሳሰል ነጥቡን ይቀንስ እንጂ። ሐሰንና ሁሴን ግን ወንድማማቾች ከሆኑ የአባትና የአያት ስማቸው አንድ ስለሆነ፣ እዚያ የሚለያቸው ይኸው የራሳቸው ስም አናባቢ ነው።