የቪዲዮ አዘጋጆች የሥራ ዝለት እና የክረምት ስንቅ፦ በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ ለሚሠሩ የጅምላ ቀረጻና የዕረፍት ስሌት

የሥራ ዝለት፣ በተለምዶ በርንአውት የሚባለው ሁኔታ፣ በሙያዊ ጽሑፍ ውስጥ ስም ያገኘው ሄርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1974 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ በነጻ ሕክምና መስጫ የሚያገለግሉ ሰዎችን ተመልክቶ በጻፈው ጽሑፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ዝለትን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት እንጂ በሽታ አላለውም። ሦስት መለያዎችንም ሰጥቶታል፦ የጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በመንፈስ መራቅ ወይም ሥራውን መናቅ፣ እንዲሁም ውጤታማ አይደለሁም የሚል ስሜት ናቸው። ኤል ሚልስ የተባለች ካናዳዊት ዩቲዩበር በ2018 እ.ኤ.አ. ገና በ19 ዓመቷ መዛሏን በቪዲዮ ስትገልጽ፣ ጉዳዩ የሆስፒታልና የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ብቻ እንዳልሆነ ለብዙዎች ግልጽ ሆነ።

በጎንደር ከተማ ቪዲዮ የሚያዘጋጅ ሰው በአብዛኛው ሌላ ሥራ ወይም ትምህርት አለው። ስለዚህ የዝለቱ ምንጭ የሥራው ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ለተመልካች የገባው የጊዜ ቃል ካለው ትርፍ ሰዓት ጋር አለመመጣጠኑ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ያንን አለመመጣጠን በስሌት ለማሳየትና ከአካባቢው የአየር ጠባይ፣ የመብራትና የኢንተርኔት ሁኔታ ጋር የሚስማማ የሥራ ዑደት ለመጠቆም ይሞክራል።

የሰዓት ሒሳብ

ለስሌት እንዲመች አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ስለ ጎንደር ታሪክና ስለ ሰሜን ተራሮች የአሥር ደቂቃ ዝግጅት የሚያቀርብ ሰው በሳምንት 12 ትርፍ ሰዓት አለው እንበል። አንዱን ዝግጅት አጥንቶ ለመጻፍ 6 ሰዓት፣ ለመቅረጽ 2 ሰዓት፣ ለማቀናበር 8 ሰዓት፣ ለርዕስ፣ ለተምኔይልና ለመጫን 2 ሰዓት ይፈጅበታል። ድምሩ 18 ሰዓት ነው። ይህ ሰው «በየሳምንቱ እሑድ እንገናኝ» ብሎ ቃል ከገባ በየሳምንቱ 6 ሰዓት ይጎድለዋል፤ በወር 24 ሰዓት ማለት ነው። ጉድለቱ የሚሞላው ከእንቅልፍ ወይም ከመመረቂያ ጽሑፉ ተቀንሶ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ትጋት ይሸፍነዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ትጋት ጉድለቱን ሊሸፍን አይችልም።

በየሁለት ሳምንቱ ቢያቀርብ ግን 24 ሰዓት ይኖረዋል፣ 18ቱን ይጠቀማል፣ 6 ይተርፈዋል። በሦስት ዙር 18 ሰዓት ተጠራቅሞ አንድ ተጨማሪ ዝግጅት ይሆናል። ከመስከረም እስከ ሰኔ ባሉት 43 ሳምንታት ገደማ 21 ዙር ስላለ፣ ትርፉ 126 ሰዓት፣ ማለትም ሰባት ዝግጅት ይሆናል። እነዚህን ሰባቱን በዚህ ጽሑፍ «ስንቅ» እላቸዋለሁ። ዘላቂው ምት፣ ስንቅ የሚያስቀር ምት ነው። ምንም የማያስቀር ምት በወረቀት ላይ ቢቻል እንኳ በመጀመሪያው የመብራት መቋረጥ ወይም ጉንፋን ይፈርሳል።

አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። ሰዓቶቹ የግምት እንጂ የልኬት አይደሉም፤ እያንዳንዱ አዘጋጅ ለአራት ዝግጅቶች ያህል የራሱን ሰዓት በደብተር ሊመዘግብ ይገባል። ሰው ስለ ቅንብር ሰዓቱ ያለው ግምት ከእውነቱ አብዛኛውን ጊዜ ያንሳል።

የጅምላ ቀረጻ የት ያዋጣል፣ የት አያዋጣም

ብዙ ዝግጅቶችን በአንድ ቀን መቅረጽ ለዝለት መድኃኒት ተደርጎ ይነገራል። በቤት ውስጥ ለሚቀረጽ ዝግጅት ግን ትርፉ ከሚነገርለት ያነሰ ነው። ከሁለቱ የቀረጻ ሰዓት አንዱ መብራትና ማይክ ለመትከልና ለመንቀል የሚሄድ ከሆነ፣ አራት ዝግጅቶችን ለየብቻ መቅረጽ 8 ሰዓት፣ በአንድነት መቅረጽ 5 ሰዓት ይፈጃል። የተቆጠበው 3 ሰዓት ከጠቅላላው 72 ሰዓት ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ዋናው ሸክም ቅንብር ስለሆነ ቀረጻው ቢያጥርም ሸክሙ አይቀልም።

የመስክ ሥራ ላይ ሲደረስ ሒሳቡ ይገለበጣል። ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ማውጣት፣ አጃቢ ስካውት መያዝ፣ ከዚያም ወደ ሳንቃበር ወይም ወደ ጭነቅ የሚወስድ መኪና ማግኘት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ደርሶ መልስ 10 ሰዓት ይወስዳል፣ አንዱን ርዕስ መቅረጽ ደግሞ 2 ሰዓት ይፈጃል እንበል። ሦስት ርዕሶችን በሦስት ጉዞ ለማንሳት 36 ሰዓት ያስፈልጋል፤ በአንድ ጉዞ አድሮ ለማንሳት ግን 16 ሰዓት ይበቃል። ጭላዳ ዝንጀሮ፣ ዋልያ አይቤክስና የደጋው ገበሬ የገብስ ማሳ በአንድ መንገድ ላይ ስላሉ፣ ሦስት ጽሑፍ አዘጋጅቶ መሄድ እንጂ አንድ ይዞ መሄድ አያዋጣም። መንገዱ ሁልጊዜ እንደማይመች ለሚያውቅ ሰው ደግሞ አንዱን ጉዞ በሚገባ መጠቀም ከሰዓት ቁጠባ ያለፈ ትርጉም አለው። በአጠቃላይ የጅምላ ቀረጻ የሚያዋጣው ገና ካሜራው ሳይከፈት የሚጠፋው ጊዜ ብዙ በሆነበት ቦታ ነው።

የሚበላሸውም እዚሁ ነው። ጭነቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,600 ሜትር በላይ ስለሚገኝ ማለዳው ይበርዳል፤ በብርድ ባትሪ ቶሎ ይደክማል። ትርፍ ባትሪ በውስጥ ኪስ ሰውነት አጠገብ መያዝ አለበት። በቤት ቀረጻ ደግሞ ከሦስተኛው ዝግጅት በኋላ ድምፅ ይሰለላል፣ ንግግር ይፈጥናል። ይህን ለማወቅ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አንድ አንድ ደቂቃ አስከትሎ ማዳመጥ ይበቃል፤ ልዩነቱ ጎልቶ ከተሰማ የቀኑ ልክ ሦስት ነው። «ዛሬ»፣ «ትናንት»፣ «ባለፈው ሳምንት» የሚሉ ቃላትም ከጽሑፉ ይውጡ፤ ዝግጅቱ ከሁለት ወር በኋላ ሊታይ ይችላልና።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ግን ያልተቀናበረ ቀረጻን እንደ ስንቅ መቁጠር ነው። ስንቅ የሚባለው ተቀናብሮ፣ ርዕስና ተምኔይል ተሰጥቶት፣ ተጭኖ ቀኑን የሚጠብቅ ብቻ ነው። በስልክ በ1080 ፒ ጥራት የተቀረጸ አንድ ሰዓት 8 ጊጋባይት ያህል ይይዛል፤ በዲስክ ላይ የተከመረው 80 ጊጋባይት ስንቅ ይመስላል፣ ነገር ግን ገና ብዙ የቅንብር ሰዓት የሚጠይቅ ዕዳ ነው። ስለዚህ ቀድሞ የተነሣው ሳይቀናበር ሌላ የቀረጻ ቀን መያዝ የለበትም።

ክረምት እንደ ዕረፍት

ሐምሌና ነሐሴ በጎንደር ለድምፅ ቀረጻ የማይመቹ ወራት ናቸው። አብዛኛው ቤት ቆርቆሮ ክዳን ስላለው ዝናብ ሲጥል ማይክ የሚይዘው ቆርቆሮውን ነው፤ በኋላ ይጸዳል ማለትም ከንቱ ተስፋ ነው። ሰሜን ተራሮችም በጉም ይሸፈናሉ። ስለዚህ ከሐምሌ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ያሉትን ዘጠኝ ሳምንታት ያህል የታቀደ ዕረፍት ማድረግ ከአየሩ ጋር ከመታገል ይሻላል። ደጋው ገበሬም በወሩ ውስጥ የማይሠራባቸውን ቀናት አስቀድሞ ያውቃል፤ ስለደከመ ወይም ስላልደከመ አይወስንም። ዕረፍቱ ቀን የተቆረጠለት ስለሆነ «ትንሽ ልጨርስና» የሚል ድርድር አይገባበትም።

በየሁለት ሳምንቱ ከቀረበ ለዘጠኙ ሳምንታት አራት ወይም አምስት ዝግጅት ይበቃል። ከሰባቱ ስንቅ የሚቀሩት ሁለት ወይም ሦስት ሊነኩ አይገባም፤ ለመስከረም መመለሻ ናቸው። ባዶ እጁን የተመለሰ አዘጋጅ በመጀመሪያው ሳምንት እንደገና ሩጫ ውስጥ ይገባልና። በዕረፍቱ መጀመሪያ አምስት ሳምንታት ምንም አለመሥራት፣ ከዚያ በኋላ ማንበብና መጻፍ ብቻ መጀመር እንደ እኔ ግምገማ ተስማሚ ነው። በእነዚህ ሳምንታት የተመልካች ቁጥርንና አስተያየትን በየማታው የሚያይ ሰው ግን እጁ እንጂ አእምሮው አላረፈም፤ አስተያየቶችን ለባልደረባ መስጠት ወይም ሳይታዩ እንዲቆዩ ማድረግ ይቻላል።

ስንቅ የሌለው አዘጋጅ ጭራሽ ማቋረጡስ ያስፈራልን? የዩቲዩብ ደንብ የገቢ መብትን ሊያነሣ የሚችለው ቻናሉ ለስድስት ወርና ከዚያ በላይ ምንም ሳያወጣ ሲቀር ነው። የዘጠኝ ሳምንት ዝምታ ከዚህ ልክ በጣም ይርቃል።

ዝግጅቶቹ ኢንተርኔት ባለበት ቀን በአንድነት ተጭነው በዩቲዩብ ገጽ ላይ Schedule በሚለው ምርጫ ቀን ይቆረጥላቸዋል። እዚህ ላይ የሰዓት አቆጣጠር ያሳስታል፦ ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚለው 20:00 ተብሎ መሞላት አለበት፤ 2:00 ብሎ የሞላ ሰው ዝግጅቱን ሕዝብ በተኛበት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ያወጣዋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየበት ጊዜ ሊቀጥል የሚችለው አስቀድሞ የተጫነ ሥራ ብቻ ነበር።

ስንቅ ለዕለታዊ ነገርም ቦታ ይከፍታል። የጎንደር ጥምቀት ከጥር 10 እስከ 12 ነው፤ ዝግጅቱ በዚያው ሳምንት ካልወጣ ተመልካች አይጠብቀውም። በዚያ ሳምንት መደበኛው ዝግጅት ከስንቁ ከወጣ፣ አዘጋጁ ሙሉ ሰዓቱን ለፋሲለደስ መዋኛ ቀረጻና ቅንብር ይሰጣል። የተወሰደውን አንድ ዝግጅት ግን እስከ ሰኔ መተካት አለበት፤ አለዚያ የሚጎድለው ከመስከረም መመለሻ ነው።

ምልክቶቹን ከመዝገብ ማንበብ

ዝለት ሲጀምር መጀመሪያ የሚታየው በሰዓት መዝገቡ ላይ ነው። 8 ሰዓት ይፈጅ የነበረ የአሥር ደቂቃ ቅንብር ያለ ምክንያት 11፣ 12 ሰዓት ሲሆን፣ ስንቁ ለሁለት ተከታታይ ዙር ሳይጨምር ሲቀር፣ አዘጋጁም የተመልካችን ጥያቄ እንደ ስድብ መቁጠር ሲጀምር፣ ከላይ የተጠቀሱት ሦስቱ መለያዎች ተገናኝተዋል። በዚህ ጊዜ ርምጃው ምቱን ከሁለት ሳምንት ወደ ሦስት ማራዘምና ለተመልካቹ በግልጽ ማሳወቅ ነው። ሰዓቱ ወደ 8 ከተመለሰ ችግሩ የምት ነበረ።

ካልተመለሰ፣ በተለይም ከቪዲዮው ውጭ ያለው ኑሮ ጭምር ደስታ ካጣና ኀዘኑ በአብዛኛው ቀን ለሁለት ሳምንት ያህል ከዘለቀ፣ ይህ የድብርት ምልክት ሊሆን ስለሚችል በቀረጻ ዕቅድ አይታከምም፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ሊያየው ይገባል።